ሰብስክሪፕት ቀይሮ ባላንስ ያደረገ ተማሪ ስንት ይሰጠው?

መምህር ዘአዘዞ

እንዴት ሰነበታችሁ መምህራን። ጎንደር፣ አዘዞ፣ 9ኛ ክፍል ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ባላንስ ማድረግን አስተምሬ ስጨርስ ወርክሺት ሰጥቼ ነበር፤ እርማቱ ላይ አንድ ወረቀት አስቁሞኛል። ልጁ ሰነፍ አይደለም። አንድም ጥያቄ አልዘለለም። በየኢኩዌሽኑ ሥር የግራውንና የቀኙን አተም ቆጥሮ ሠንጠረዥ ሠርቷል፤ ግራና ቀኙም እኩል ነው። ግን እኩል ያደረገው ከፎርሙላው ፊት ቁጥር ጽፎ ሳይሆን ከታች ያለችውን ትንሿን ቁጥር እየቀየረ ነው። የተወሰኑትን ላስፍራቸው፦

ጥያቄው H₂ + O₂ → H₂O፤ የሱ መልስ H₂ + O₂ → H₂O₂

ጥያቄው Fe + O₂ → Fe₂O₃፤ የሱ መልስ Fe₂ + O₃ → Fe₂O₃

ጥያቄው CH₄ + O₂ → CO₂ + H₂O፤ የሱ መልስ CH₄ + O₄ → CO₂ + H₄O₂

ጥያቄው C + O₂ → CO፤ የሱ መልስ C + O₂ → CO₂

በትክክል የሠራው Zn + CuSO₄ → ZnSO₄ + Cu ን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ሲጀመርም ባላንስ የሆነ ነው።

እያንዳንዱ ጥያቄ 2 ነጥብ አለው፣ ውጤቱም ከተከታታይ ምዘናው ይደመራል። ዜሮ ዜሮ ብዬ ብሄድ በአንድ ያልገባው ነገር ወርክሺቱን በሙሉ ያጣል፤ ባዶ ወረቀት ከመለሰው ልጅም እኩል ይሆናል። ግማሽ ብሰጠው ደግሞ ግማሹ ልክ ነው ብሎ እንዳይዘው እፈራለሁ። እናንተ እንዴት ነው የምታርሙት?

የማራኪው

እኔ ዜሮ ነው የምሰጠው፣ ሳላመነታ። የተጠየቀው ስለ ውኃ ነው፤ እሱ የጻፈው H₂O₂ ፋርማሲ ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠው ነው። H₄O₂ የሚባል ነገር ደግሞ ከነጭራሹ የለም። ፎርሙላ የቀየረ ተማሪ ሌላ ጥያቄ ሠርቶ ነው የመጣው። ምርጫ ባለው ፈተና ላይ ይሄው ስህተት ራሱ አንዱ ምርጫ ሆኖ ይቀርብለታል፤ ቆጥሮ እኩል መሆኑን ካየ ያንን ያጠቁራል። እዚያ ግማሽ ነጥብ የሚሰጠው የለም። አሁን ብታዝንለት ያኔ ነው የምትጎዳው።

የሁለት ልጆች እናት

ይቅርታ፣ እኔ መምህር አይደለሁም፤ ልጄ ግን ልክ እንደዚህ ሆናብኛለች። Na + Cl₂ → NaCl የሚለውን NaCl₂ አድርጋ ሠርታ መምህሯ በቀይ ትልቅ ኤክስ ብቻ አድርጎ መለሰላት፤ አንድ ቃል እንኳ አልጻፈበትም። ማታ አብረን ቆጠርነው። ግራ ሶዲየም አንድ፣ ክሎሪን ሁለት። ቀኝም እንደዚያው። «እማዬ፣ ምኑ ነው ስህተቱ?» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ። ታዲያ እኩል ከሆነ መምህሩ ነው የተሳሳተው ማለት ነው?

ጡረተኛው ኬሚስት

እህቴ፣ መምህሩ አልተሳሳተም። የልጅዎ ጥያቄ ግን ተገቢ ነው፤ መልስም ሊሰጣት ይገባ ነበር። ሶዲየም የሚሰጠው አንድ ኤሌክትሮን ነው፣ ክሎሪን የሚቀበለውም አንድ ነው። ስለዚህ አንድ ለአንድ ነው የሚጣመሩት፣ የምንበላው ጨው NaCl የሆነው ለዚያ ነው። ግራ በኩል አንድ ክሎሪን ስለተረፈን ብቻ ሶዲየም ሁለት ክሎሪን መያዝ አይጀምርም። የተረፈው ክሎሪን ሌላ ሶዲየም ነው የሚፈልገው፤ 2Na + Cl₂ → 2NaCl የምንለው ሌላ ሶዲየም አምጥተን ሌላ ጨው ስለሠራን ነው። ይህንኑ ለልጅዎ ያንብቡላት።

ወንድሜ ዘአዘዞ፣ ወደ አንተ ወረቀት ልምጣ። ነጥቡን ለጊዜው ተወውና ሠንጠረዡን ደግመህ እየው። ልጁ ሥራውን አጣርቷል። ያጣራበትም መንገድ እኛ ሁላችንም የምናስተምረው ነው፦ «ስትጨርሱ የግራና የቀኙን አተም ቁጠሩ፣ እኩል ከሆነ ጨርሳችኋል»። ይህ ማጣሪያ ግን የሱን ስህተት አይዝም፤ እንዲያውም ልክ ነህ ብሎ ያሳልፈዋል። እህታችንና ልጇም ማታ ቁጭ ብለው ያደረጉት ይህንኑ ነው። ቆጠራው የሚነግረን አተም እንዳልጠፋ ብቻ ነው፤ ዕቃው ያው ዕቃ ስለመሆኑ ምንም አይነግረንም።

ስለዚህ ሁለተኛ ማጣሪያ ያስፈልጋቸዋል፣ እሱም ከቆጠራው ይቅደም። ተማሪው ፊት የጻፋቸውን ቁጥሮች በጣቱ ይሸፍን። የቀረው ጽሑፍ ከጥያቄው ጋር ፊደል በፊደል፣ ትንሿ ቁጥር ሳትቀር አንድ መሆን አለበት። አንድ ካልሆነ መቁጠር እንኳ አያስፈልግም። ያንተን ልጅ ወረቀት በዚህ ብትፈትነው Fe₂ + O₃ የሚለው ላይ ጣቱ የሚሸፍነው ቁጥር አያገኝም፣ የቀረውም Fe + O₂ አይደለም። ወዲያው ይጋለጣል።

ሲጀምሩም እያንዳንዱን ፎርሙላ በእርሳስ ሳጥን ውስጥ እንዲያስገቡት አድርግ። ቁጥር መጻፍ የሚፈቀደው ከሳጥኑ ውጭ፣ በግራው በኩል ብቻ ነው።

ኤልሲኤም ወዳጅ

ይሄ ሁሉ ጣጣ የሚመጣው በኢንስፔክሽን ስለምታስተምሩ ነው። ተማሪው በግምት ቁጥር እየወረወረ ሲሞክር የትም ቦታ ይጥለዋል። በኤልሲኤም አስተምሩት፣ ይጠፋል። Al + O₂ → Al₂O₃ ን ውሰዱ። የአሉሚኒየም ቫለንሲ 3፣ የኦክስጅኑ ድምር 4፣ የAl₂O₃ ድምር 6። የሦስቱ ኤልሲኤም 12። 12 ለ3 ሲካፈል 4፣ ለ4 ሲካፈል 3፣ ለ6 ሲካፈል 2። አለቀ፦ 4Al + 3O₂ → 2Al₂O₃። መገመት የለም፣ ፎርሙላ የሚነካበት ምክንያትም የለውም።

የማራኪው

@ኤልሲኤም ወዳጅ ሒሳቡ ልክ ነው። ግን እኔ በኤልሲኤም ያስተማርኳቸው ልጆች 4፣ 3፣ 2 ን በትክክል አውጥተው Al₄ + O₃ ብለው ሲጽፉ አይቻለሁ። ዘዴው ስንት እንደሆነ ይነግራቸዋል፤ የት እንደሚቀመጥ አይነግራቸውም።

ጡረተኛው ኬሚስት

የማራኪው ያለው ልክ ነው፣ ምክንያቱም አለው። ከባላንስ በፊት ምን አስተማርን? ፎርሙላ አጻጻፍ። የአሉሚኒየምን 3 ወደ ኦክስጅን ሥር፣ የኦክስጅንን 2 ወደ አሉሚኒየም ሥር እያሻገርን Al₂O₃ ማድረግ። ልጆቹ በዚያ ትምህርት ቁጥር ሁሉ ወደ ታች እንደሚወርድ እጃቸው ለምዷል። በማግሥቱ ተነስተን «ታች ያለውን እንዳትነኩ» እንላለን፣ ለምን እንደሆነ ሳንነግር። ኤልሲኤም ደግሞ በቫለንሲ ስለሚጀምር ያንኑ የማሻገር ልማድ ጭራሽ ይቀሰቅሰዋል።

ይህ ግን አንዱ ምንጭ ነው። ሌላው ከዚህ ይከብዳል፦ 2H₂O እና H₄O₂ ለልጁ አንድ ነገር ሲሆኑ። «አራት ሃይድሮጅን፣ ሁለት ኦክስጅን፤ ምን ልዩነት አለው?» ይላል። በመጀመሪያው የሳተው እጁ ነው፣ በሁለተኛው ግን ሞለኪውል ምን እንደሆነ አልገባውም። ወረቀቱ ላይ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። ለመለየት አጠገብህ አስቀምጠውና 2H₂O ን ሣልልኝ በለው። ሁለት የተለያዩ ውኃዎች ከሣለ የእጅ ነው፣ በሳጥኑ ይድናል። ስድስቱንም አተም አያይዞ አንድ ሰንሰለት ካደረገው ግን ሳጥኑ አይበቃውም፤ ትእዛዝ ያከብርልህና ሳይገባው ይቀራል።

መምህር ዘአዘዞ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የሠንጠረዡ ነገር አእምሮዬ ውስጥ አልነበረም። ልጁን ነገ አስጠርቼ አስለዋለሁ፣ ውጤቱንም እዚሁ እጽፋለሁ። እስከዚያ ግን የነጥቡን ነገር እንጨርስ። እኔ ያሰብኩት ከሁለቱ ነጥብ አንዱን ፎርሙላውን ሳይነካ ለቆየ፣ ሌላውን ትክክለኛ ቁጥር ፊት ላይ ላስቀመጠ መስጠት ነው።

ተማሪ ነበርኩ (አሁን ዩኒቨርሲቲ)

መምህር፣ በዚህ አካሄድ ጥያቄውን እንዳለ ገልብጦ የመለሰ ልጅ ፎርሙላ ስላልነካ 1 ያገኛል። ቁጭ ብሎ ኦክስጅኑን ቆጥሮ፣ ማነሱን አይቶ፣ በተሳሳተ ቦታ ያስተካከለው ልጅ ደግሞ 0። ፍትሐዊ ነው?

መምህር ዘአዘዞ

ልክ ብለሃል፣ እንደዚያ አይሆንም።

የማራኪው

ለዚህ እኮ ነው ዜሮ ያልኩት። ከፋፍለህ ስትሰጥ ሁልጊዜ የሆነ ቀዳዳ ይወጣል።

ጡረተኛው ኬሚስት

ቀዳዳው ይደፈናል። የፎርሙላውን ነጥብ ለሞከረ ብቻ ስጠው፤ ማለትም ቢያንስ አንድ ቁጥር ፊት ላይ ጽፎ ፎርሙላዎቹን ያልነካ። 2H₂ + O₂ → H₂O ብሎ ያቆመ ልጅ አንድ ያገኛል፣ ግማሽ መንገድ ሄዷልና። ገልብጦ የተወው ዜሮ። እንደ ዚንኩ ላለው፣ ምንም መጨመር ለማያስፈልገው ጥያቄ ደግሞ «ባላንስ ነው» ብለው እንዲጽፉ ወይም 1 ን እንዲያስቀምጡ አስቀድመህ ንገራቸው፤ አለዚያ ያወቀውንና ያለፈውን መለየት አትችልም።

ያንተ ልጅ በዚህ ሚዛን አሁንም በየጥያቄው ዜሮ ነው፣ ከዚንኩ በቀር። እኔ ለዚህ ስህተት በየኢኩዌሽኑ ነጥብ አልሰጥም፣ በዚህ ከማራኪው ጋር ነኝ። የምለየው ወርክሺት ፈተና አይደለም በማለቴ ነው። ነጥቡን ሳትመዘግብ ወረቀቱን መልስለት፣ አስተካክሎ ሲያመጣ በሁለተኛው ላይ አርም። ሚድ ላይ ቢሆን ኖሮ ዜሮው ዜሮ ነበር።

ቀዩ እስክሪብቶም ቢሆን H₂O₂ ላይ ኤክስ አያድርግ። ጥያቄው ላይ ያለውን H₂O ክበበውና ጎኑ ላይ «የጻፍከው ከዚህ ጋር አንድ ነው?» ብለህ ጻፍ። ሌላው ላይ የጥያቄውን ፎርሙላ ክበብ ብቻ። ከስልሳ ወረቀት በላይ ለሚያርም ሰው የሚቻል ነገር ነው።

የማራኪው

ሳይመዘገብ መመለሱ ላይ አልስማማም። ለአንዱ ሁለተኛ ዕድል ከሰጠህ ለሁሉም ነው፤ ባዶ የመለሰውም አስተካክዬ ላምጣ ይላል። ደግሞ ቤት ወስዶ ሌላ ሰው ሠርቶለት ይመጣል።

ጡረተኛው ኬሚስት

ለሁሉም ይሁን። ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ይሠራ፣ ሌሎች ኢኩዌሽኖች ይሁኑ።

ቆላድባ 10ኛ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ተማሪ ነኝ። ባላንስ ላይ ጥያቄ ነበረኝ፣ KMnO₄ + HCl → KCl + MnCl₂ + H₂O + Cl₂ እምቢ አለኝ። HCl ን ስጨምር ክሎሪኑ ሦስት ቦታ ስለሚሄድ ይምታታብኛል። ትንሿን ቁጥር ብቀይር ይሄዳል ወይ?

ተማሪ ነበርኩ (አሁን ዩኒቨርሲቲ)

አይ፣ ትንሿን ቁጥር አትንካት፣ ክሩ ሁሉ ስለዚያ ነው። ክሎሪንን የመጨረሻ አድርገው። ኦክስጅን አራት ስለሆነ ውኃው 4 ይሆናል፣ ስለዚህ ሃይድሮጅን 8 ነው፣ HCl ም 8። አሁን ክሎሪን ግራ 8፤ ቀኝ አንዱ KCl ጋር፣ ሁለቱ MnCl₂ ጋር ሄደው 5 ይተርፋሉ። 5 ክሎሪን ሁለት ተኩል Cl₂ ነው። ተኩሉን ለማጥፋት ሁሉንም በሁለት አባዛ፦ 2KMnO₄ + 16HCl → 2KCl + 2MnCl₂ + 8H₂O + 5Cl₂።

በነገራችን ላይ መምህር ዘአዘዞ፣ እኔን ከጥያቄዎችዎ የከነከነኝ የካርቦኑ ነው። C + O₂ → CO₂ ብሎ የጻፈው ልጅ የጻፈው እውነት ነው። ባላንስ ነው፣ CO₂ ም ያለ ነገር ነው፣ ከሰል በደንብ ሲነድ የሚሆነው ራሱ ነው። ይሄን እንደ H₄O₂ መቁጠር ይከብዳል። እኔ ብሆን 2 ሙሉ እሰጠዋለሁ።

የማራኪው

በፍጹም። እንዲያውም ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። በጎንደር ብርድ በር ዘግቶ ከሰል አቀጣጥሎ የሚተኛ ሰው ላይ ምን እንደሚደርስ ሁላችንም እናውቃለን። የሚገድለው አየር ሲያጥር የሚወጣው CO ነው፣ ሽታ እንኳ የለውም። ጥያቄው ስለዚያ ነው። CO ን CO₂ ያደረገ ልጅ ገዳዩን ጋዝ ከኢኩዌሽኑ ላይ አጥፍቶታል።

ተማሪ ነበርኩ (አሁን ዩኒቨርሲቲ)

እስማማለሁ፣ ግን ጥያቄው ላይ «አየር ሲያጥር» የሚል የለም። ተማሪው ከየት ያውቃል?

ጡረተኛው ኬሚስት

ማወቅ አይጠበቅበትም፤ ፕሮዳክቱ CO እንደሆነ ጥያቄው ነግሮታል። የተሰጠውን ይዞ 2C + O₂ → 2CO ማለት ነበረበት። ስለዚህ ሙሉ ነጥብ አይገባውም። ግን የዩኒቨርሲቲው ልጅ አንድ ቁም ነገር አንስቷል፦ H₂O₂ ም CO₂ ም ያሉ ነገሮች ስለሆኑ ልጁ «እንዲህ ያለ ነገር የለም» ብንለው አያምነንም። «H₄O₂ የት አየህ?» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ አይሠራም።

እነዚህ ላይ የሚሠራው ሚዛን ነው። ለH₂ + O₂ → H₂O₂ አስልተህ አሳየው፦ 2 ግራም ሃይድሮጅን 32 ግራም ኦክስጅን ይፈልጋል። ለትክክለኛው 2H₂ + O₂ → 2H₂O ግን 4 ግራም ሃይድሮጅን ነው ለ32 ግራም ኦክስጅን፤ ማለትም 2 ግራሙ 16 ግራም ይበቃዋል። የሱ ኢኩዌሽን ኦክስጅኑን እጥፍ ይጠይቃል። ስቶይኪዮሜትሪ ላይ ሲደርሱ ይህ ስህተት ዝም ብሎ ተደብቆ ይመጣል፤ ሒሳቡ ሁሉ ልክ ሆኖ መልሱ ብቻ የተሳሳተ ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ደንቡን ከልክ በላይ እንዳታጠብቁት። «ትንሿን ቁጥር ፈጽሞ አትንኩ» የሚሠራው ፎርሙላው ሲሰጥ ነው። በቃላት «አሉሚኒየም ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ይሆናል» ተብሎ ተጠይቆ ልጁ ራሱ AlO ብሎ ከጻፈ ትንሿን ቁጥር መቀየር ግዴታው ነው። መጀመሪያ ፎርሙላ ይታረማል፣ ሳጥን ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚዘጋው።

መምህር ዘአዘዞ

ተመልሻለሁ። ልጁን ሣል ከማለት ይልቅ የራሰ ሽምብራ፣ ባቄላና ስንጥር ሰጠሁት። ሽምብራው ሃይድሮጅን፣ ባቄላው ኦክስጅን። መጀመሪያ ሁለት H₂ እና አንድ O₂ ሠራሁለትና «ከዚህ ውኃ ሥራልኝ» አልኩት። አንድ ባቄላ ላይ ሁለት ሽምብራ ሰክቶ አንዱን ውኃ ሠራ። ሁለተኛውንም ሠራ። እዚህ ድረስ ደስ አለኝ። ከዚያ ሁለቱን ውኃ አንሥቶ በስንጥር አያያዛቸው። ለምን ብለው «ሁለት ስለተባለ አብረው መሆን አለባቸው» አለኝ።

ስለዚህ ጋሼ እንዳሉት ከባዱ ነው። ስንጥሩን ነቅዬ «ብርጭቆ ውስጥ ያለው ውኃ ሁሉ አንድ ላይ ተሰክቷል ወይ?» ብዬ ብዙ አወራን። ሌላ ሰጥቼው N₂ + H₂ → NH₃ ን በናሙና አለያይቶ ሠራ፤ ናይትሮጅኑን በአተር አደረግነው። ወረቀት ላይም N₂ + 3H₂ → 2NH₃ ብሎ ጻፈ።

የውኃውን ወረቀት ላይ አስተካክል ስለው ግን የጻፈው 2H₂ + O₂ → H₂2O ነው። ቁጥሯ ከታች ወጥታ መሐል ገብታለች። ይሄን እንዴት ታዩታላችሁ?

የማራኪው

ኦክስጅን ስላነሰ ኦክስጅኑ ፊት አስቀመጠው። የጎደለውን አተም ብቻ እያየ ነው።

ጡረተኛው ኬሚስት

አዎ። ይህ በሽግግር ላይ ያለ ልጅ ስህተት ነው፤ ቁጥሯ ፊት መሆን እንዳለባት አውቋል፣ የምን ፊት የሚለው ነው የቀረው። ሳጥኑ የሚሠራለት አሁን ነው፤ 2 ቷ ሳጥኑ ውስጥ ስለገባች ራሱ ያያታል። ወርክሺት ላይ ከሆነ እኔ የፎርሙላውን ነጥብ አልሰጠውም፣ ግን ጎኑ ላይ ሽምብራውን አስታውስ ብዬ እጽፍለታለሁ፦ H₂2O ን በስንጥር ሥራው ብትለው ሁለቱ ሽምብራዎች ለየትኛው ባቄላ እንደሆኑ አያገኘውም።

የማራኪው

እኔ እንዲያውም ለዚህኛው አንድ እሰጣለሁ። ትንሿን ቁጥር አልነካም።

መምህር ዘአዘዞ

ስለዚህ እስካሁን የያዝኩት ይሄ ነው፦ የመጀመሪያው ወረቀት ሳይመዘገብ ይመለሳል፣ ለክፍሉ በሙሉ። ሁለተኛው ክፍል ውስጥ በሳጥን ይሠራል፣ በሁለት ነጥቡ አካሄድ ይታረማል። የካርቦኑን ጥያቄ «አየር በሚያጥርበት ጊዜ» የሚል ጨምሬ፣ ከእያንዳንዱ ፎርሙላ ሥርም የዕቃውን ስም ጽፌ አወጣዋለሁ፤ ውኃ፣ ዝገት፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ። H₂2O ላይ ግን አንድ ወይስ ዜሮ እንደምል አልወሰንኩም።

የሁለት ልጆች እናት

መምህር፣ ስሙን ከሥሩ መጻፉን እባክዎ አይተዉት። ልጄ NaCl₂ ስትጽፍ ከሥሩ «የገበታ ጨው» የሚል ቢኖር እኔም አይቼ እጠይቃት ነበር። ሽምብራውን ዛሬ ዘፍዝፌያለሁ።